ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ የኩሽኔታ መቀመጫ በትክክል የሚለካልኝ ማን ነው?

ቡና ጣቢያ
የቡና መፈልፈያችን የማርሽ ሳጥን ክዳን ስለተሰነጠቀ ከአሉሚኒየም አዲስ አስቀርጬ ነበር። የሚገባበት ኩሽኔታ 6310 ነው፤ የውጭ ስፋቱ 110 ሚሊሜትር። የቶርኖ ባለሙያው ቀዳዳውን ቆርጦ እንደጨረሰ፣ ክዳኑን ከማሽኑ ሳያወርድ ለክቶ 110.02 አሳየኝ። በማግስቱ ማለዳ ሌላ ጋራዥ ወስጄ ሳስለካው 109.96 ሆነ፤ ኩሽኔታውም አልገባ አለ። ሥዕሉ ላይ የተጻፈው H7 ነው፤ ለዚህ ስፋት ከ110 እስከ 110.035 ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። ቀይ ቡና መግባት ሳይጀምር እውነተኛ ልክ የሚነግረኝ ቤት ጠቁሙኝ። ወይስ ዲጂታል ካሊፐር ገዝቼ ራሴ ብለካ ይሻላል?

መሣሪያ ሻጭ፣ ሂርማታ
ካሊፐር አትግዛ። መስኮቱ ላይ መቶኛ ሚሊሜትር ቢያሳይም፣ አብዛኞቹ ሁለትና ሦስት መቶኛ ሊስቱ ይችላሉ፤ አንተ የምትከራከረው ደግሞ በስድስት መቶኛ ነው። ከማስተካከያ ቀለበቱ ጋር የሚመጣ የውስጥ ማይክሮሜትር ያስፈልግሃል። ዲጂታሉን ውሰድ፤ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሙቀትና ብርድ አያገኘውም።

መለኪያ መምህር
ስለ ካሊፐሩ የተባለው ልክ ነው፤ ስለ ዲጂታሉ ግን አይደለም። ቁጥሩን የሚያሳየው ኤሌክትሮኒክስ ቢሆንም አካሉ ብረት ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል።

ቡና ጣቢያ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ባለሙያው ሲለካ ክዳኑ ይሞቅ ነበር? ሁለተኛው ጋራዥስ ስንት ሰዓት ላይ ሄድክ?

ቡና ጣቢያ
በጣም ይሞቅ ነበር፤ እጅ ግን ያስችል ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቤቱም ሞቃት ነበር። ማግስቱን የሄድኩት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ክዳኑም ሌሊቱን እዚያው በረንዳ ላይ አድሮ ነበር።

የቶርኖ ሠራተኛ፣ አጂፕ
ሙቀት ከሆነማ ነገሩ ተቃራኒ መሆን ነበረበት። ክዳኑ ሲሞቅ ወደ ውስጥም ያብጣል፣ ቀዳዳው ይጠባል። ስለዚህ ሲበርድ መስፋት ነበረበት።

መለኪያ መምህር
ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ነገር ግን አንተው ራስህ በየቀኑ ተቃራኒውን ትሠራለህ። ጠባብ ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ለማስገባት ዘይት ውስጥ የምታሞቀው ለምንድን ነው? ቀለበቱ ሲሞቅ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ነው። ሁሉም ነገር እኩል ሲሞቅ ቀዳዳውም ከአካሉ ጋር ያድጋል፤ ልክ ፎቶ ሲጎላ በመሃሉ ያለው ክብ አብሮ እንደሚጎላ።

አሁን የክዳኑን ጉዳይ እናስላው። የአንድ ሜትር አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ 23 ማይክሮን፣ ማለትም 23 የሚሊሜትር ሺኛ ያህል ያድጋል፤ የብረት 11.5 ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ክዳኑ 45 ዲግሪ፣ ማይክሮሜትሩና ቀለበቱ 28 ዲግሪ ነበሩ ብለን እንነሳ። ማይክሮሜትሩ ራሱ ከ20 ዲግሪ ልኩ በ10 ማይክሮን ረዝሟል፤ ስለዚህ 110.02 ሲያሳይ ቀዳዳው በዚያች ቅጽበት 110.03 ነበር። ከዚያ ክዳኑ ከ45 ወደ 20 ሲወርድ በ63 ማይክሮን ይጠባል። የሚቀረው 109.967 ነው።

ወደ ማለዳው እንምጣ። ሁሉም ነገር 16 ዲግሪ ነበር ብንል ክዳኑ ከ20 በታች ስለሆነ 10 ማይክሮን ጠቧል፣ ማይክሮሜትሩ ደግሞ 5 ማይክሮን አጥሯል። ልዩነቱ 5 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ የሚያሳየው 109.962 ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ያነበበው ይህንኑ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ደህና ናቸው፤ ማንም አልዋሸም። የመጀመሪያው ባለሙያ ጥፋት ትኩስ ክዳን መለካቱ ነው።

የቶርኖ ሠራተኛ፣ አጂፕ
የቀለበቱ ነገር አሳመነኝ። ግን ጅማ ከሰዓት 28 ዲግሪ ከሆነ ለምን ልካችንን በ28 አናደርግም? 20 የማን ነው?

መለኪያ መምህር
የሁሉም ነው፤ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ድሮ የሜትር ዘንግ የሚነበበው በበረዶ መቅለጫ፣ በ0 ዲግሪ ነበር፤ እንግሊዞች ደግሞ በ62 ፋራናይት ይለኩ ነበር። ዓለም አቀፉ የክብደትና የልክ ኮሚቴ 20 ዲግሪን የወሰነው በ1931 ነው፤ ዛሬም ISO 1 የሚለው ይህንኑ ነው። ከ1983 ጀምሮ ሜትር የሚተረጎመው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ ሜትር ራሱ አይሞቅም፤ የሚሞቀው ክዳንህ ነው። ሥዕል ላይ 110 ተብሎ ሲጻፍ «ክዳኑ 20 ዲግሪ ሲሆን 110» ማለት ነው። የአንተ ኩሽኔታ የተሠራበት ፋብሪካም በዚሁ ነው የለካው።

20 ዲግሪ ክፍል ባይኖርህም ችግር የለውም። ብረት በብረት ስትለካና ሁለቱም ተመሳሳይ ሙቀት ላይ ሲሆኑ አብረው ያድጋሉ፤ ንባቡ በ20 ዲግሪ ልክ ላይ ራሱ ያርፋል። አሉሚኒየም በብረት ስትለካ ግን ልዩነቱ አይጠፋም፤ ያንተ ክዳን በ28 ዲግሪ በደንብ በርዶ ቢለካ እንኳ 10 ማይክሮን ያህል አብልጦ ያሳያል።

ማሳ ለኪ፣ አጋሮ መንገድ
እኔም የቡና ችግኝ ርቀት የምለካበት የ30 ሜትር የብረት ሜትር ላይ «20°C 50 N» የሚል አይቼ ስገረም ነበር። ፀሐይ ላይ ሲቆይ እስከ 35 ቢደርስ ስንት ይሳሳታል?

መለኪያ መምህር
5 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ መሬቱ ግን አብሮት ስለማይረዝም አሳንሶ ያነብልሃል። ለችግኝ ምንም አይደለም። 50 N የሚለው ደግሞ የመጎተቻው ኃይል ነው።

መሣሪያ ሻጭ፣ ሂርማታ
ለቡና ጣቢያ የምጨምረው ካለ፣ በጥላ የሚቀመጥና የእጅ መያዣው ፕላስቲክ የሆነ ማይክሮሜትር ይፈለግ። በእጅ ብዙ ከተያዘ ይሞቃል። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርም ይጠቅማል።

መለኪያ መምህር
የመጀመሪያው ምክር ጥሩ ነው። ኢንፍራሬዱ ግን የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፤ ትኩሱን ክዳን ቀዝቃዛ ብሎ ያነባል። ጥቁር ፕላስተር ለጥፈህ እሱ ላይ አነጣጥር።

የት ልሂድ ላልከው፣ እኔ የምጠቁመው የልክ ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የክዳኑን ሙቀት የሚጽፍልህን ቤት ነው። ክዳኑን ከማይክሮሜትሩና ከቀለበቱ ጋር ወፍራም የብረት ጠረጴዛ ላይ ለብዙ ሰዓታት፣ ከተቻለም ሌሊቱን አሳድሩት። በሂሳብ ማስተካከል የሚቻለው ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ሲሆን ነው፤ የአሉሚኒየም ቅይጦች እድገት ከ23 ትንሽ ይለያያል፣ ክዳኑም ከቶርኖ ሲወርድ በሁሉም በኩል እኩል አይሞቅም።

የቶርኖ ሠራተኛ፣ አጂፕ
አንድ ነገር ልበል። የድሮው ክዳን ከምን ነበር?

ቡና ጣቢያ
ከግራጫ ቀልጦ ብረት።

የቶርኖ ሠራተኛ፣ አጂፕ
እንግዲያው H7 የተጻፈው ለብረት ነው። ሳጥኑ ሲሠራ 60 ዲግሪ ቢደርስ አሉሚኒየሙ ከኩሽኔታው ይበልጥ ይሰፋል፤ ኩሽኔታው መቀመጫው ውስጥ መዞር ይጀምራል። እኔ ለአሉሚኒየም ሁልጊዜ ጠበብ አድርጌ ነው የምቆርጠው። ምናልባት ያ ባለሙያ ሳያስበው ትክክል ሠርቶ ይሆናል።

መለኪያ መምህር
እውነት አለው። እስከ 60 ድረስ የሚከፈተው ክፍተት 50 ማይክሮን ይጠጋል። N7 ቢሆን ለዚህ ስፋት የሚፈቀደው ከ10 እስከ 45 ማይክሮን ማነስ ስለሆነ 109.967 እዚያ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን በዚህ ጥበት ኩሽኔታው ሲገባ የውስጥ ክፍተቱ ይቀንሳል፤ ከተለመደው ሰፋ ያለ የውስጥ ክፍተት ያለው C3 ካልሆነ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ሊጨነቅ ይችላል። እኔ ሳጥኑ በትክክል ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ሳላውቅ አልፈርድም።

ቡና ጣቢያ
ኩሽኔታው ላይ C3 የሚል አለ። ሳጥኑ ሲሠራ ሙቀቱን ለክቼ አላውቅም፤ ወንድሜ ጎረቤት ጣቢያ ተመሳሳይ ማሽን አለው፣ ነገ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌ እለካዋለሁ። ክዳኑን እስከዚያ ማንም እንዳያሰፋው አስቀምጬዋለሁ።