አስቸኳይ፦ የሆቴላችን የሠራተኞች መመሪያ ዛሬ ማታ ይታተማል፣ ስለ አካል ጉዳተኛ እንግዶች የተጻፈውን ገጽ እንዴት ላስተካክል?

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ሥልጠናው ነገ ጠዋት ነው፣ ማተሚያ ቤቱም ፋይሉን እየጠበቀ ነው። የድሮውን ገጽ ያነበቡ አንድ እንግዳ ቅር ተሰኝተው ሄደዋል። እንዲህ ይላል፦ «በዊልቸር የታሰሩ፣ ማየትና መስማት የማይችሉ ችግረኛ እንግዶች ከጤነኛ እንግዶች ቀድመው በርኅራኄ ይስተናገዳሉ። ለአካል ጉዳተኞች የሚመች ክፍልም አለን።» የትኛውን ቃል በየትኛው ልተካ? ቃላቱን ብቻ ንገሩኝ፣ ጊዜ የለኝም።

አስተማሪው
ወዳጄ፣ ነገሩ ከአስተሳሰብ ይጀምራል። ኅብረተሰቡ ለዘመናት አካል ጉዳተኛን የሚያየው ምጽዋት እንደሚጠብቅ ሰው ነበር፣ ገጹም ያንኑ ይደግማል። ለአሁኑ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልለው «ልዩ ፍላጎት ያላቸው እንግዶች» ይበሉ። ማንንም አያስቀይምም። «ጤነኛ» የሚለውን ግን ያለ ጥርጥር ያውጡት። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው በሽተኛ አይደለም።

ነጭ በትር
ስለ «ጤነኛ» የተባለው ትክክል ነው። በ«ልዩ ፍላጎት» ግን አልስማማም። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ እንዲሁ ብትሉኝ አልቀየምም። በሆቴል የምፈልገውም ሁሉም የሚፈልገውን ነው፤ ቁልፍ፣ አልጋና ቁርስ። «ልዩ ፍላጎት» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ለአስተናጋጁ ምንም አይነግረውም። ምን ላድርግ ብሎ ግራ ይጋባና ይሸሸኛል።

የሚያስከፋኝ ሌላ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ መታወቂያዬን ከእጄ ተቀብለው ለባለቤቴ ይመልሳሉ። «መፈረም ይችላሉ?» ብለው የሚጠይቁትም እሷን ነው። ከዚያ አንዱ መጥቶ የእጄን አንጓ ይይዝና ወደ ደረጃው ይጎትተኛል። በመመሪያው ላይ ይህ ይጻፍ፦ መጀመሪያ ስማችሁን ተናገሩ፤ «ክንዴን ይይዛሉ?» በሉና መልሱን ጠብቁ። እሺ ካለ እሱ ከክርናችሁ በላይ ይይዛል፣ እናንተ ግማሽ እርምጃ ትቀድማላችሁ። ደረጃ ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» በሉ። ክፍል ውስጥ ትታችሁት ስትወጡም መውጣታችሁን ንገሩት። እኔ ለባዶ ክፍል ብዙ አውርቻለሁ።

የቤት አያያዝ
እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞናል። መስማት የተሳናቸው እንግዳ ነበሩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደጋግማ አንኳኳች፣ መልስ ስታጣ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። እንግዳው ልብስ እየቀየሩ ነበር። ለዚህ የሚሆን ጥሩ ምልክት ታውቃላችሁ? በር ላይ የሚሰቀል ዓይነት?

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ)
የእኔ ጥያቄ ስለ ጽሑፍ ነው እንጂ ስለ በር ምልክት አይደለም። ደግሞ «በርኅራኄ» የሚለው ምን ክፋት አለው? ሥራ አስኪያጁ ከልባቸው የጻፉት ነው።

ተደራሽ ክፍል
ሆቴሎች ይህን ገጽ ሲያስተካክሉ አብሬ እሠራለሁ። ቃል በቃል ብቻ ከተካችሁ ገጹ እዚያው ይቆያል፣ ምክንያቱም የሚያስቀይመው የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። «በርኅራኄ» የሚለው ለሠራተኛው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ይነግረዋል፣ ምን እንዲያደርግ ግን አይነግረውም። እንግዳውም የከፈለ ደንበኛ ሆኖ ሳለ ተረጂ ይሆናል። «ቀድመው ይስተናገዳሉ» የሚለውንም አውጡት። ሰልፍ ላይ ሁሉም ሰው እያየው ወደ ፊት መወሰድን የማይወድ ብዙ ነው። መቆም ለሚከብደው ወንበር አቅርቡለት፣ ተራው እንደተጠበቀ ነው።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጉት፦

«በዊልቸር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀሱ፣ ዓይነ ስውር የሆኑ ወይም የማየት ችግር ያለባቸው፣ መስማት የተሳናቸው ወይም መስማት የሚቸግራቸው እንግዶች ሲመጡ፣ አስተርጓሚ ወይም አጃቢ ቢኖርም ንግግራችሁን ለእንግዳው ለራሱ አድርጉ። ‹እንዴት ልርዳዎት?› ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። አያስፈልገኝም ካለ ተዉት። ዊልቸሩን ሳይፈቅድ አትግፉ፣ አትደገፉበትም። ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰበት አትጠይቁ።»

«መስማት የተሳናቸው» እና «መስማት የሚቸግራቸው» የሚሉትን ለይቼ የጻፍኩት ሥራው ስለሚለያይ ነው። መስማት ለሚቸግረው ፊት ለፊት ቆሞ፣ አፍን ሳይሸፍኑ፣ በተለመደው ፍጥነት መናገር ይበቃው ይሆናል። መስማት የተሳነው ግን ብዙ ጊዜ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚ ነው፤ አስተርጓሚ ከሌለ ወረቀትና እስክሪብቶ ወይም የስልክ መልእክት ያስፈልገዋል። መጮህ ለሁለቱም አይረዳም፣ የሚጮህ ሰው የከንፈሩ ቅርጽ ስለሚዛባ ለማንበብ ጭራሽ ይከብዳል።

አሁን «የሚመች ክፍል አለን» ወደሚለው ልምጣ፣ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነውና። ይህን ያነበበ እንግዳ ሌሊት ሆቴሉ ይደርሳል። የክፍሉ በር ያስገባዋል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ዊልቸሩን አያስገባም። ለማን የሚመች? መጠኑን ጻፉና ውሳኔውን ለእንግዳው ተዉለት። ለምሳሌ፦

«ክፍል 104፦ ከዋናው መግቢያ እስከ ክፍሉ ደረጃ የለም። የክፍሉ በር 82 ሴንቲ ሜትር፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር 71 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ አለው። የገላ መታጠቢያው 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ አለው። ከሽንት ቤት መቀመጫው በስተቀኝ የእጅ መደገፊያ ብረት አለ። የአልጋው ከፍታ እስከ ፍራሹ ጫፍ 52 ሴንቲ ሜትር ነው።»

ይህ ክፍል ለብዙ ዊልቸር ተጠቃሚ አይሆንም። በብዙ መስፈርቶች የሚጠበቀው የበር ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የመታጠቢያ ቤቱ በር ይጠብባል። ክራንች ለሚጠቀም ሰው ግን ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ለሁለቱም እውነቱን ነግሯቸዋል፣ ማንንም በስም ሳይመድብ። ስትለኩ አንድ ስሕተት ተጠንቀቁ፤ ብዙዎች የሚለኩት ከክፈፍ እስከ ክፈፍ ነው። በሩን 90 ዲግሪ ክፈቱና ከበሩ ገጽ እስከ ማዶው ክፈፍ ለኩ። መዝጊያው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ቁጥሩ ያንሳል፣ ዊልቸሩ የሚያልፈውም በዚያ በቀረው ነው።

አስተማሪው
ይህን ሁሉ ለመለካት ጊዜ የላቸውም እኮ። «ልዩ ፍላጎት» ብለው ይለፉት።

ተደራሽ ክፍል
ሜትር ይዞ አንድ ክፍል መለካት ረጅም ሥራ አይደለም። ካልደረሰ ደግሞ «የሚመች» የሚለውን አውጥተው «የበሮቹንና የመታጠቢያ ቤቱን መጠን በስልክ ወይም በመልእክት ይጠይቁን፣ ለክተን እንነግርዎታለን» ይበሉ። ያልለኩትን ከሚያወድሱ ይህ ይሻላል።

የቤት አያያዝ፣ ለእርስዎም ልመልስ። በሩ ሲንኳኳ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን የሚያበራ መሣሪያ አለ። እሱ እስኪገዛ፣ እንግዳው ሲመዘገብ የጽዳት ሰዓቱን በጽሑፍ ይስማሙ፤ ከዚያ ሰዓት ውጭ በራስ ቁልፍ አይገባም።

የቤት አያያዝ
እግዜር ይስጥልኝ። የእሳት ማንቂያውስ? የእኛ የሚጮህ ብቻ ነው። መስማት የተሳናቸው እንግዶች የትኛው ክፍል እንዳሉ እንግዳ መቀበያው ላይ ይመዝገብ ብዬ ነበር፣ አንዳንዶቹ ግን ይህ ግላዊ ጉዳይን መግለጥ ነው አሉኝ።

ነጭ በትር
እኔ ስሜ ከነጉዳቴ በዝርዝር ላይ እንዲለጠፍ አልፈልግም። ማን ያየዋል?

ተደራሽ ክፍል
እኔ ደግሞ እሳት ሲነሣ የሚጠራኝ ሰው እንዲኖር እፈልግ ነበር። መፍትሔው የሚያበራ ማንቂያና ከትራስ ሥር የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ነው። እነዚህ እስኪገቡ ግን ለእያንዳንዱ እንግዳ ሲመዘገብ «በአደጋ ጊዜ ለመውጣት እርዳታ ይፈልጋሉ?» ማለት ይቻላል። ለሁሉም የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ ማንንም አይለይም። የሚጻፈው የክፍሉ ቁጥርና የሚያስፈልገው እርዳታ ብቻ ነው፣ ሲለቅ ይሰረዛል።

ነጭ በትር
መሰረዙን ማን ያረጋግጣል?

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ)
የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀይሬዋለሁ። የእኛን ክፍል ገላ መታጠቢያ ጠርዝ ለመለካት ወርጄ እመለሳለሁ።