ፎርማት ከተደረገ የካሜራ ካርድ ፎቶ ለማውጣት ቅድሚያ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምሠራ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ትናንት ማታ የአንድ ሠርግ ፎቶዎችን የያዘውን ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ ወደ ላፕቶፕ የገለበጥኩት መስሎኝ፣ በካሜራው ፎርማት አደረግሁት። የነቃሁት ሦስት የሙከራ ፎቶዎች ካነሳሁ በኋላ ነው (የመብራቱን ልክ ለማየት ብዬ!)። ፎርማት ብዙውን ጊዜ ማውጫውን እንጂ ፎቶዎቹን ራሳቸውን ስለማያጠፋ፣ የጠፋው ሦስቱ ያረፉበት ቦታ ብቻ እንዲሆን ካሜራውን ወዲያው አጥፍቼ ካርዱን አወጣሁና በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ገፋኋት።

ላፕቶፔ 40 ጊጋባይት ብቻ ባዶ ቦታ ስላለው የካርዱን ሙሉ ቅጂ አይችልም። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተውሼ ፍለጋውን በቅጂው ላይ ላካሂድ፣ ወይስ ካርዱን እንደተቆለፈ በቀጥታ ፈትሼ የሚገኘውን በላፕቶፑ ላስቀምጥ? ሙሽሮቹ ቅዳሜ ይመጣሉ።