ለጋራ የሽልማት ውድድራችን ረቂቅ፦ የአባላት ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ እንደምን ዋላችሁ? የሰርግ አገልግሎት ሰጪዎች ማኅበራችን ለሚያወጣው ዕጣ ሽልማቱ አዲስ ስልክ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እስኪ አስተያየት ስጡበት።

ፎቶግራፈሯ፦ ስልኩ ይቅር። ስልክ የማይፈልግ የለም፤ ስለዚህ ማን ሊያገባ እንደሆነ፣ ማን ለዕጣው ብቻ እንደመጣ መለየት አንችልም። ሽልማቱ ለሙሽሮች ብቻ የሚጠቅም ይሁን፦ የሰርግ ቀን ፎቶና የአዳራሽ ማስዋብ። በገንዘብ አይለወጥም፣ ለሌላም አይተላለፍም።

የዲኮር ባለሙያው፦ ግን እኮ ተመዝጋቢው ያንሳል። ከብዙ ሰው መሃል ገዢ አይጠፋም።

ፎቶግራፈሯ፦ አይጠፋም፣ ልክ ነህ። ግን ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ሁሉም ጋ ስንደውል «ስልኩ ለማን ደረሰ?» እየተባልን ነው የምንውለው። እኔ ምዝገባው ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ እፈልጋለሁ፦ ሰርጋችሁ መቼ ነው? እስካሁን ያልያዛችሁት የትኛውን አገልግሎት ነው? «ኬክና መኪና ቀርቶናል» ያለች ሙሽራ ባይደርሳትም በማግስቱ ለማን እንደምናስተላልፋት እናውቃለን። መረጃዋን ለአባላት እንደምናጋራ ግን ቅጹ ላይ ይጻፍ፣ ትፍቀድልን።

ኬክ ሠሪዋ፦ ተከታይ ለማብዛት ከሆነ ሦስት ጓደኛ ታግ ማስደረግ ይሻላል። እኔ በልደት ኬክ ሞክሬው ገጼ በአንዴ ሞላ።

ፎቶግራፈሯ፦ ከእነሱ ስንቱ ኬክ አዘዘሽ?

ኬክ ሠሪዋ፦ እሱን አልቆጠርኩም። አብዛኞቹ ዕጣው እንደወጣ ሄዱ።

ፎቶግራፈሯ፦ በዚያ ላይ ፌስቡክ ጓደኛ ታግ ማድረግንም ሆነ በግል ገጽ ሼር ማድረግን የመወዳደሪያ መስፈርት እንድናደርግ አይፈቅድም።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ቀብድ የከፈለ ብቻ ይወዳደር። ቁርጠኛው ይለያል።

ሰብሳቢ፦ እሱ ያስጠይቀናል። ከፍሎ ዕጣ ውስጥ መግባት በብዙ አገር ሎተሪ ነው የሚባለው፤ ፈቃድ ይፈልጋል።

የዲኮር ባለሙያው፦ አንድ ነገር ያሰጋኛል። ሊያዘኝ የነበረው ሙሽራ «ዕጣው ይውጣ» ብሎ ቢያቆየውስ?

ፎቶግራፈሯ፦ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ምዝገባው ከ10 ቀን አይለፍ። በነዚያ ቀናት ያዘዘም ያላዘዘም እኩል ይወዳደር፤ ካዘዙት መሃል የደረሰው የከፈለው ይመለስለት። ላልደረሳቸው ደግሞ በማግስቱ፣ ለ14 ቀን ብቻ የሚቆይ ስጦታ እንላክ። ቅናሽ ሳይሆን ጭማሪ፣ ለምሳሌ ነፃ የሙከራ ፎቶ። ዋጋ ከቀነስን በኋላ ወደ ድሮው መመለስ ይከብዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ውጤቱን በምን እናውቃለን?

ፎቶግራፈሯ፦ በተመዝጋቢ ብዛት አይደለም። በ60 ቀን ውስጥ ስንቱ ውል ፈረመ? ወጪውን ለዚያ እናካፍል። አንድ ደንበኛ የፈጀው ገንዘብ ከምናገኝበት ትርፍ ከበለጠ አይደገምም።

ሰብሳቢ፦ እንዲህ ልጻፈው፦ ሽልማቱ አገልግሎት፣ ሁለት ጥያቄ፣ 10 ቀን፣ የአሸናፊው የሰርግ ቀን በአዳራሽ ደረሰኝ ይረጋገጣል።

ኬክ ሠሪዋ፦ አዳራሽ ያልያዙትስ? በቤታቸው የሚደግሱም አሉ። ደግሞ እህቷን ልታስመዘግብ የምትመጣ ትኖራለች።

ፎቶግራፈሯ፦ የእህትየው ይፈቀድ፣ የሙሽራዋ ስልክ እስከተሞላ ድረስ። የደረሰኙን ግን እኔም መልስ የለኝም።

ሰብሳቢ፦ እሱ ክፍት ይቆይ፤ እስከ ሐሙስ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ።