ቤቱን ወደድነው፣ ድምፁ ግን አስቸገረን፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። በትንሽ በጀት የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም ልንቀርጽ ነው። ጉለሌ አካባቢ አንድ የጭቃ ቤት አገኘን። መጀመሪያ ያየነው እሁድ ከሰዓት ነበር። ሰፈሩ ጭር ያለ ነው። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ግሩም ብርሃን ይገባል። ባለቤቷ እማማም በጽሑፍ ፈቀዱልን።

ማክሰኞ ስንመለስ ግን ከአጥሩ ጀርባ ብየዳ ቤት አለ! እሁድ ዝግ ስለነበር አላወቅንም። ማዳመጫ አድርጌ የባዶውን ክፍል ድምፅ 1 ደቂቃ ቀዳሁ። የብረት መቁረጫው ጩኸት የሰው ንግግር ይውጣል። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልን። ድምፁ ብዙም አልቀነሰም፣ የምንፈልገው ብርሃን ግን ጠፋ።

እሁድ እንዳንቀርጽ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ። ከሰዓት ደግሞ እማማ እንጀራ ይጋግራሉ። ሁለቱ ባለ 1000 ዋት መብራቶቻችን 9 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ። ምጣዱ ሲጨመር ባለ 20 አምፔሩ ብሬከር ይወድቃል። ሞክረን አይተነዋል። እሳቸውን ቅዳሜ እንዲጋግሩ መለመን እንችላለን፤ ብየዳ ቤቱ ነው የከበደን።

ያሰብነው ንግግር የሌላቸውን ትዕይንቶች በሥራ ቀን፣ 6 ገጹን ንግግር ደግሞ እሁድ ከሰዓት መቅረጽ ነው። በ3 ሰዓት 6 ገጽ ይወጣል? ወይስ ለብየዳ ቤቱ በሰዓት ከፍለን እናስቁመው? እንዲህ ተስማምታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደጠየቃችሁ ንገሩኝ። ቀረጻው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።