አብስትራክቴ 410 ቃል ሆኗል፣ የሚፈቀደው 250 ነው፣ ዛሬ ማታ ይዘጋል!

የሳቢያን ልጅ፦ ሰላም የቤቱ ሰዎች፣ ቶሎ ድረሱልኝ። የማስተርስ ጥናቴን ለአንድ ጉባኤ ላስገባ ብል ሲስተሙ እምቢ አለኝ። በቀይ "Abstract exceeds 250 words" ይላል። ደግሞ Background, Methods, Results, Conclusion ተብሎ ይከፈል ይለኛል። የኔ አንድ ወጥ አንቀጽ ነው። ጥናቱ ድሬዳዋ ላይ የውሃ በርሜልና የዴንጊ ትንኝ ነው። ምኑን ልቁረጥ? ማታ 6 ሰዓት ይዘጋል!

ቀፊራ ቡና፦ አቦ ተረጋጊ። መጀመሪያ ከበርሜሉ ውሃ ቅጂና ጠጪ። ክዳኑን መልሺ ታዲያ።

መምህሩ፦ የዛሬ ተማሪ አብስትራክትን በመጨረሻ ሰዓት የሚሠራ ነገር አድርጎታል። አብስትራክት የወረቀቱ ፊት ነው። አንባቢ ከዚያ አያልፍም። ለማንኛውም ቀላል ነው፦ 250ን ለአራት ክፈይው፣ ለእያንዳንዱ 60 ቃል ይደርሳል። ከየምዕራፉ ዋና ዋና ዓረፍተ ነገሮችን አውጥተሽ ደርድሪ።

ገንደ ቆሬ 07፦ ቅጽሎቹን ቁረጪ። "በጣም"፣ "እጅግ" የሚሉትን።

ዝምተኛው፦ እኔም ባለፈው ክፍለ ከተማችን ለጥናቴ በአማርኛ ማጠቃለያ አምጣ ብሎኝ 3 ገጽ አስገባሁ፣ ማንም አልተናገረኝም። አንቺም ዝም ብለሽ አስገቢ።

የሳቢያን ልጅ፦ ወንድሜ ሲስተሙ ነው የሚከለክለኝ፣ ሰው አይደለም 😭 ቅጽልም የለኝም። የምቆርጠው ስለጠፋኝ ነው። የውጤቱ ክፍል ይኸው፦ "ለ422 ቤተሰቦች መጠይቅ ተዘጋጅቶ 405ቱ መልሰዋል። 162 ቤተሰቦች ማጠራቀሚያቸውን በአግባቡ አይከድኑም (38.4%)። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚያገኙት 2.3 እጥፍ የበለጠ አይከድኑም (AOR 2.3፣ 95% CI 1.4–3.8)። የውሃ እጥረት ክዳን አለመክደንን ያስከትላል።" መደምደሚያዬ ደግሞ "መንግሥት የዴንጊ ክትባት በአስቸኳይ ማቅረብ አለበት" ይላል።

ከዚራ ጥላ፦ ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም። "ምኑን ልቁረጥ" አትበይ። ከ410 ወደ 250 የሚቆርጥ ሰው የተቆራረጠ ነገር ነው የሚያወጣው። ዝጊውና ከባዶ ጻፊ።

ገንደ ቆሬ 07፦ ቅጽሎቹን ቁረጪ ብያለሁ።

ጀጎል በር፦ ከዚራ ጥላ እውነቱን ነው፣ ግን ከየት ትጀምር? እህቴ፣ አዲስ ገጽ ክፈቺና ውጤቱን መጀመሪያ ጻፊ። ከዚያ ሜተዱን፣ ከዚያ መደምደሚያውን፣ ባክግራውንዱን በመጨረሻ። ውጤቱ ከታወቀ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነም ይታወቃል፣ ባክግራውንዱም ያንን ጥያቄ ብቻ ያነሳል። ከመግቢያው የጀመረ ሰው የዓለም ጤና ድርጅትን፣ አፍሪካን፣ ኢትዮጵያን አዳርሶ ድሬዳዋ ሲደርስ 120 ቃል አልቆበታል።

እኩል ለአራት መክፈሉን ግን አልስማማበትም። ባክግራውንድ 40 ቃል ይበቃዋል፣ መደምደሚያም እንደዚያው። ሜተድ 70። የቀረው 100 ለውጤቱ ይሁን።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 38.4ን ከየት አመጣሽው? 162ን ለ422 ብታካፍይ ነው 38.4 የሚመጣው። መጠይቁን የመለሱት ግን 405 ናቸው። ለ405 ስታካፍይ 40.0% ነው። ቲሲስሽ ሠንጠረዥ ላይ የቱ አለ?

የሳቢያን ልጅ፦ ሠንጠረዡ ላይ 40.0% ነው (95% CI 35.2–44.8)። አብስትራክቱን የጻፍኩት ከድሮው ረቂቅ ነው።

ቀፊራ ቡና፦ ወላሂ ጀጎል በር ካልኩሌተር ይዞ ነው የሚተኛው።

ጀጎል በር፦ ገምጋሚም ይዞ ነው የሚተኛው። አብስትራክቱ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ወረቀቱ ውስጥ በጣት የሚነካ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጽፈሽ ስትጨርሺ እያንዳንዱን ቁጥር Ctrl+F አድርገሽ ቲሲሱ ውስጥ ፈልጊው። ካልተገኘ አንዱ ተሳስቷል።

ሌላው፣ "ያስከትላል" የሚለውን አውጪ። ጥናትሽ ክሮስ ሴክሽናል ነው አይደል? ውሃውንም ክዳኑንም በአንድ ጊዜ ነው ያየሽው፣ ስለዚህ "ተያያዥነት አለው" ድረስ ነው የሚያስኬድሽ። ክትባቱንም ተይው፣ ስለ ክትባት የጠየቅሽው ነገር የለም።

ከሜተዱ የሶፍትዌሩን ስምና ቨርሽን፣ ዳታውን ማን እንዳስገባ፣ 422 እንዴት እንደተሰላ አውጪ። 384 ላይ 10% ተጨምሮ 422 እንደሚመጣ ጉባኤው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በምትኩ የጎደለሽን ጨምሪ፦ ክዳኑን በዓይናችሁ አያችሁት ወይስ "ትከድናላችሁ ወይ" ብላችሁ ጠየቃችሁ?

የሳቢያን ልጅ፦ በዓይን ነው ያየነው። በቼክሊስት። አብስትራክቱ ላይ አልጻፍኩትም።

ጀጎል በር፦ ከጥናትሽ ጠንካራው ነገር እኮ እሱ ነው! ተጠይቆ "አልከድንም" የሚል ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ አድርጊው፣ እንግሊዝኛውን አንቺ ትሠሪዋለሽ፦

*Background:* ድሬዳዋ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የዴንጊ ወረርሽኝ የታየባት ከተማ ናት። የዴንጊ ትንኝ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ይራባል። ይህ ጥናት ቤተሰቦች የውሃ ማጠራቀሚያቸውን በአግባቡ አለመክደናቸውን እና ተያያዥ ምክንያቶችን ለካ።

*Methods:* በድሬዳዋ በ(ወርና ዓመት) በ(አመራረጥ ዘዴ) በተመረጡ 422 ቤተሰቦች ላይ ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ተደረገ። የማጠራቀሚያዎቹ አከዳደን በቼክሊስት በዓይን ታየ። ተያያዥ ምክንያቶች በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተለዩ።

*Results:* 405 ቤተሰቦች ተሳተፉ (96.0%)። ከእነዚህ 162ቱ (40.0%፣ 95% CI 35.2–44.8) ማጠራቀሚያቸውን በአግባቡ አልከደኑም። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ማግኘት በአግባቡ ካለመክደን ጋር ተያያዥነት ነበረው (AOR 2.3፣ 95% CI 1.4–3.8)።

*Conclusion:* ከአሥር ቤተሰብ አራቱ ማጠራቀሚያውን በአግባቡ አልከደነም፣ ይህም ውሃ አልፎ አልፎ በሚደርሳቸው ቤቶች ይብሳል። የትንኝ መከላከል ሥራ እነዚህን ቤቶች ቢያስቀድም ይመረጣል።

ቦታ ይተርፍሻል። ሌላ ተያያዥ ምክንያት ካገኘሽ ውጤቱ ላይ በዚያው መልክ ጨምሪው።

መምህሩ፦ "2.3 እጥፍ" የሚለውን ለምን አወጣህባት? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው።

ጀጎል በር፦ ሁሉም ስለሚጽፈው ልክ አይሆንም መምህር። AOR የኦድስ ንጽጽር ነው። ነገሩ 100 ሰው ውስጥ ሁለት ሦስት ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆን "እጥፍ" ቢባልም ብዙ አያሳስትም ነበር። እዚህ ግን 40% ነው፣ ሲነበብ ከእውነቱ ይጋነናል።

መምህሩ፦ እኔ ያማከርኳቸው ሁሉ "times more likely" ብለው ነው ያለፉት። ገምጋሚም ተናግሮ አያውቅም።

ከዚራ ጥላ፦ በዚህኛው ከመምህሩ ጋር ነኝ። ጉባኤ ላይ ኦድስ ብትል ማን ይገባዋል?

ጀጎል በር፦ እንግዲያው 2.3ቱን በቅንፍ አስቀምጦ "ተያያዥነት ነበረው" ማለት ማንንም አያጣላም።

ሐምሳ አለቃ ሠፈር፦ የኔም ጥያቄ አለ። እኔ የምልክበት ጆርናል Objective የሚል አምስተኛ ርዕስ አለው። ምን ልጻፍበት?

ጀጎል በር፦ ከባክግራውንዱ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር፣ "ይህ ጥናት ... ለካ" የሚለውን፣ ቆርጠህ እዚያ አስገባው። ሁለቱም ቦታ አትድገመው።

ገንደ ቆሬ 07፦ ቅጽል ግን ቆረጠች?

ዝምተኛው፦ የሳቢያን ልጅ፣ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ገባልሽ?