የአባዬ መነጽር ላይ ያረፈው ፍላሽ፦ ማን ጋ ላሠራው?

ጠያቂዋ
ሰላም ጎበዞች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። የአባዬ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ወር ነው። አንድ ፎቶውን 40 በ60 ሴንቲ አሳትመን ሳሎን ልንሰቅል አስበናል። ፈገግ ያለበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለን፣ 10 በ15 የታጠበ። ችግሩ መነጽሩ ላይ ፍላሽ አርፎበታል። የግራው ዓይን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል እንጂ ይታያል። የቀኙ ግን ድፍን ነጭ ነው።

ሦስት ቦታ ጠይቄያለሁ። ባነር የሚያትሙት ልጆች «እዚሁ ቁጭ በይ፣ አስር ደቂቃ ነው» አሉኝ፣ ዋጋቸውም ትንሽ ነው። ፒያሳ ያለ የድሮ ፎቶ ቤት ሁለት ቀን ይፈጃል አለኝ፣ ደግሞ ሌሎች ፎቶዎቹን አምጪ ብሎ አስቸገረኝ። ቴሌግራም ላይ የሚሠራ ልጅ ከሁሉም በላይ ጠራብኝ፣ ግን መነጽሩንም አውልቄ እሰጥሻለሁ ይላል። የቱ ይሻለኛል?

በስልክ ሁሉን
ለምን ብር ታወጪያለሽ? ስናፕሲድ አውርጂና Healing የሚለውን ነክተሽ በጣትሽ ጥረጊው፣ አለቀ። ለቀኙ ዓይን የግራውን ኮፒ አድርገሽ ገልብጠሽ ትለጥፊዋለሽ። የሰው ፊት ሁለቱም ጎን አንድ ነው። ለጓደኛዬ እንደዛ ሠርቼለት እስካሁን ፕሮፋይሉ ላይ አለ።

የዲቪ ነገር
እህቴ ለዲቪ ከሆነ እንዳትሸወጂ! አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ የቪዛ ፎቶ በመነጽር አይቀበሉም። በኤዲት የወለቀ መነጽርም አይሆንም፣ ፊት የተነካካ ፎቶ ይጥላሉ። አውልቀሽ እንደ አዲስ ተነሺ።

የሰፈሩ ልጅ
ለሙት ዓመት ነው እያለች እኮ ነው ወዳጄ፣ ማን ነው እንደ አዲስ የሚነሳው?

14 ዓመት ጨለማ ክፍል
ነፍስ ይማር እህቴ። ፎቶ ቤት ነው የምሠራው፣ ሪታች ላይ። ሦስቱን ለማወዳደር ዋጋውን ተይውና አንድ ነገር እይ፦ ሌላ ፎቶ አምጪ ያለሽ ማነው? የፒያሳው ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሁለቱ ዓይኖች ችግራቸው አንድ አይደለም። የግራው ላይ ጭጋግ ነው ያለው፣ ዓይኑ ከስር አለ። እሱን ማዳን ነው። ቦታውን ብቻ መርጠን ጥቁሩን ወደ ጥቁርነቱ እንመልሰዋለን፣ ሽፋሽፍቱና የብሌኑ ጠርዝ ይወጣሉ። ሌንሱ የተቀባ ከሆነ ነጸብራቁ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ እድፍ ይተዋል። ለእሱ ከጉንጩ ቀለም ወስደን አዲስ ሌየር ላይ፣ ሞዱን Color አድርገን በስሱ እንቀባበታለን፣ ብርሃኑና ጥላው ሳይነካ ቀለሙ ብቻ ይቀየራል። ይሄ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የቀኙ ግን ድፍን ነጭ ካልሽ እዚያ ውስጥ ምንም የለም። ወረቀቱ ራሱ ነው የሚታየው። ስለዚህ ዓይኑን ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ነው። Healing ደግሞ ከአጠገቡ ያለውን ነው የሚጎትተው፣ አጠገቡ ያለው ጉንጭና ፍሬም ነው። ዓይን ያለበት ቦታ ላይ ቆዳ ይበቅልልሻል። ትንሽ ነጥብ ለማጥፋት ግን ስናፕሲድ አይናቅም፣ እኔም ስልኬ ላይ አለ።

ገልብጦ መለጠፍ የተባለው በግማሽ ልክ ነው። ሌላ ፎቶ ጭራሽ ከጠፋ እኔም ከዚያ ነው የምጀምረው። ግን የማንም ፊት ሁለት ጎኑ አንድ አይደለም። አባትሽ ትንሽ እንኳ ዞር ብለው ከተነሱ ከካሜራው የራቀው ዓይን ይጠባል። የአንዱ ዓይን ቆብ ወረድ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ያንን ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላው ብሌኑ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ ናት። መስኮቱ በግራ ከሆነ ነጥቧ በሁለቱም ዓይን በግራ መሆን አለባት። ሲገለበጥ አንዷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ሰው ምን እንደሆነ አይገባውም፣ ግን ፎቶው ይረብሸዋል። ስትገለብጡ ነጥቧን አጥፍታችሁ በትክክለኛው ጎን መልሷት።

ከሪያድ
የእኔን ስሙኝ። የእናቴን ፎቶ በቴሌግራም ላንድ ልጅ ሰጠሁት፣ ነጸብራቁን አጥፍቶ ላከልኝ። በጣም ያምራል፣ የተጣራ። ለአክስቴ ብልክላት «ይቺ ማናት?» አለችኝ። ለካ ዓይኑን ከኢንተርኔት አውጥቶ ነው የለጠፈው። የእማዬ ዓይን ሰፋ ያለ ነበር። ብሩን አልመለሰልኝም፣ እኔም ፎቶውን መልሼ ማየት አልቻልኩም።

14 ዓመት ጨለማ ክፍል
ይሄው ነው የምለው። ዓይኑ ከየት እንደሚመጣ ሥራውን ሳትሰጪ ጠይቂ። «አታስቢ፣ እናስተካክለዋለን» ካሉሽ ፎቶሽን ይዘሽ ውጪ።

ባለፈው ዓመት ልክ የአንቺን የመሰለ መጥቶልኝ ነበር። ሽማግሌ፣ በመነጽር፣ አንዱ ሌንስ ነጭ። ልጆቹ አልበም ሙሉ አመጡልኝ። የለቀምኩት ግን አንድ የሠርግ ፎቶ ነው፣ ጭንቅላታቸው ወደዚያው ጎን የዞረ፣ ብርሃኑም ከዚያው አቅጣጫ የመጣ። ጥራቱ የወረደ ነበር፣ እሱ ግድ የለም፣ ዋናው አዟዟሩ ነው። በግራው ዓይን ስፋት ለክቼ አሳነስኩት፣ ቅንድቡንና የፍሬሙን ጠርዝ ከዋናው ፎቶ ተውኩ፣ መሃሉን ብቻ ተካሁ። ከዚያ ስመለከተው አዲሱ ዓይን ከቀረው ፊት ይልቅ ልስልስ አለብኝ። የድሮ ፎቶ ቅንጣት አለዋ! ቅንጣት ጨመርኩበት፣ ገባ። በመጨረሻ ፎቶውን በሙሉ ገልብጬ አየሁት፣ ደግሞ እንደ ጉርድ ፎቶ አሳንሼ አየሁት። ጠማማ ነገር ካለ ያኔ ይጋለጣል።

እና አንድ ነገር፣ ነጸብራቁን ሙጥጥ አድርገው እንዳያጠፉት። ከላይ ጠርዙ ላይ ስስ መስመር ይቅር። አለዚያ መነጽሩ ሌንስ የሌለው ባዶ ሽቦ ይመስላል።

ጠያቂዋ
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መነጽሩን ስለማውለቁስ? ታላቅ ወንድሜ ይውለቅ ባይ ነው።

14 ዓመት ጨለማ ክፍል
መነጽሩ የርቀት ነበር? ወፍራም የርቀት ሌንስ ዓይንን ያሳንሳል። በሌንሱ ውስጥ የሚታየውን የፊታቸውን ጠርዝ እይ፣ ከውጭው ጋር አይገጥምም፣ ወደ ውስጥ ይሰበራል። የንባብ ከሆነ ደግሞ ያጎላል። ስለዚህ ፍሬሙን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ዓይኑን በመጠኑ ማስፋት፣ የጉንጩን ጠርዝ ማስተካከል፣ የፍሬሙን ጥላ ከጉንጭ ላይ ማንሳት፣ በፍሬሙ የተሸፈነውን ቅንድብ መሙላት አለ። ይቻላል። ግን ያለ መነጽር የተነሱት ፎቶ ከሌለ ግምት ነው።

ጋሼ
ልጄ፣ አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ መነጽር ካደረጉ ምን አድርጊ ብለው ነው የሚያስወልቋቸው? እኔ ራሴ ያለ መነጽር መስታወት ሳይ አልተዋወቅም።

ከሪያድ
ጋሼ ልክ ናቸው፣ ግን እኮ ለወንድሟም አባቱ ናቸው። እሱ በልጅነቱ የሚያስታውሳቸው ያለ መነጽር ሊሆን ይችላል።

14 ዓመት ጨለማ ክፍል
እሱን ቤተሰቡ ይጨርሰው። አንድ የረሳሁት፦ ፎቶውን በስልክ አንስተሽ እንዳትልኪ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከሆነ ሌላ ነጸብራቅ ትጨምሪበታለሽ። ከፍሬሙ አውጥተሽ በ600 ዲፒአይ ስካን አስደርጊ። 10 በ15 በዚያ ስካን 40 በ60 ሲታተም 150 ዲፒአይ ይደርሳል፣ ለሳሎን ግድግዳ ይበቃል። ኔጋቲቩ ካለ ደግሞ ከምንም ይሻላል።

ጠያቂዋ
ኔጋቲቩን ማን ያውቃል፣ ሦስት ቤት ቀይረናል። ግን ትናንት ማታ እማዬ ሻንጣዋን ስትፈትሽ የታናሽ ወንድሜ ምርቃት ላይ የተነሳውን አገኘች። አባዬ ወደዚያው ጎን ዞሯል፣ ያው መነጽር ነው፣ ቀኝ ዓይኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ ፒያሳ እሄዳለሁ። ወንድሜ አሁንም ይውለቅ እያለ ነው፣ እማዬ ደግሞ ዝም ብላለች።