ጥቆማ፦ ሞቲቬሽን ሌተር የሚያግዝ ጥሩ ቤት የት አለ? (ትምህርቴ መሃል ላይ ተቋርጧል)

የሐይቅ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የጀርመኑን ኢፖስ ስኮላርሺፕ ላመለክት ነው፤ በውሃ ሀብት ማስተርስ። 2010 ዓ.ም ኮምቦልቻ ገባሁ። መጋቢት 2012 በኮቪድ ወደየቤታችን ተላክን፤ 2014 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ደርሶ ተበተንን። እንደምንም ሰኔ 2015 ተመረቅሁ፣ ግሬዴ 2.74 ነው። ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። ደብዳቤውን የሚያዘጋጅ ሁነኛ ቤት የምታውቁ? ሜክሲኮ አካባቢ አለ ይሉኛል፣ አራት ኪሎም አለ ይላሉ። ኦንላይን የሚሠሩም አይቻለሁ።

ባቢ
ሜክሲኮ ያለው! ሌላ አትይ። የአክስቴን ልጅ ሃንጋሪ የላኩት እነሱ ናቸው።

ሰሚራ ወ.
ወንድሜ ገንዘብህን ያዝ። እኔና ጓደኛዬ ሳንነጋገር አንድ ቤት አሠራን፣ ያመለከትነውም አንድ ፕሮግራም ነው። ሁለታችንም ከወደቅን በኋላ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ብናያቸው የመጀመሪያው አንቀጽ ቃል በቃል አንድ ነው፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ማኅበረሰቤን የማገልገል ሕልም ነበረኝ» ይላል። የእኔው ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ ያላመለከትኩበት አገር ስም ቀርቷል። ብሬን መልሱ ብላቸው «ኤዲት ማድረግ የደንበኛው ኃላፊነት ነው» አሉኝ።

ጽጌ ማር
ውይ! የቱ ቤት ነው? ስንት አስከፈሉሽ?

ሰሚራ ወ.
ስም አልጠራም እህቴ፣ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም። የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ነው የወሰዱት።

ባቢ
ሜክሲኮ ያለው ግን እንደዛ አያደርግም።

ሰሚራ ወ.
ሜክሲኮ አይደለም አላልኩም 🙂

ባቢ
የአክስቴ ልጅ አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው እዛ። ሥራቸው ይናገራል።

ዘ-ጉለሌ
እንግዲህ ቤቱ ኢንተርቪው ላይም ገብቶ ይቀመጥልህ፣ አንተ ከውጭ ማኪያቶህን ጠጣ።

እሙ ያፌት
ልጆች፣ የእኔ ልጅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ሄዶ መጀመሪያ ወጪ መጋራት ክፈል ተባለ። በክፍል በክፍል መክፈል ይቻላል ወይ? የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ።

ጽጌ ማር
እማማ፣ እሱን ገቢዎች ይጠይቁ፤ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ይዞ ይሂድ።

አቤል ዘ-ጅማ
ወደ ጥያቄው ልመለስ። ክፍተቱን ጭራሽ አትጥቀሰው። ሞቲቬሽን ሌተር ጥንካሬ የሚታይበት ነው። ጦርነት፣ ኮቪድ እያልክ ካለቀስክ «ይሄ ልጅ አይችልም» ይሉሃል።

ኮሎኝ ያለች
አቤል ግማሹ እውነት ነው፣ ማልቀስ አይጠቅምም። መደበቅ ግን አይሆንም፤ ዩሮፓስ ሲቪው ላይ ከወር እስከ ወር ትሞላለህ፣ ትራንስክሪፕቱም ላይ ሴሚስተሩ ዘሎ ይታያል። ያልተጻፈውን አንባቢው በራሱ ግምት ይሞላዋል፣ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ላንተ አይጠቅምም። እኔ በኢፖስ ነው የመጣሁት፤ አሁን አገር ቤት ያሉ ልጆች ሲልኩልኝ አነባለሁ፣ በነጻ ነው። ከማያቸው ደብዳቤዎች የሚወድቁት እንግሊዝኛቸው ስለደከመ አይደለም፤ የማንም ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው። ቤት ገብተህ ብታሠራ የሚጽፈው ሰው ወረዳህን አያውቃትም።

የሐይቅ ልጅ፣ ሁለት ነገር ንገረኝ። በተዘጋበት ጊዜ ምን ስትሠራ ነበር? ወረዳው ውስጥስ በየቀኑ የሚያጋጥምህ ችግር ምንድን ነው?

የሐይቅ ልጅ
አመሰግናለሁ እህቴ። በኮቪዱ ጊዜ ቀበሌያችን ውስጥ ምንጭ ሲጎለብት በቀን ሥራ ገብቼ ነበር፤ ድንጋይ ማቅረብ፣ ሲሚንቶ ማቡካት፣ ኋላ ላይ ፎርማኑ ልኬት እንድይዝለት አደረገኝ። አሁን ደግሞ ሥራዬ የተበላሹ የውሃ ተቋማትን መመዝገብ ነው። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ በትንሽ ጎማ ማኅተም ምክንያት ለወራት ይቆማል። ጎማው ውድ ሆኖ አይደለም፤ የሚሸጠው ከተማ ብቻ ነው፣ የውሃ ኮሚቴው ደግሞ ያሰባሰበው ገንዘብ የለውም። ግን ይሄ ለስኮላርሺፕ ይጻፋል እንዴ? ተራ ነገር ነው።

ኮሎኝ ያለች
የሚጻፈው እሱ ነው! ክፍተቱን እንዲህ አድርገው፣ እንግሊዝኛውን ራስህ ጻፈው፦

«ትምህርቴ ሁለት ጊዜ ተቋርጧል፤ በ2020 በኮቪድ፣ በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ። በመጀመሪያው ጊዜ በቀበሌዬ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ላይ በጉልበት ሠራተኝነት ገብቼ ልኬት እስከ መያዝ ደርሻለሁ። በ2023 ተመርቄያለሁ።»

በቃ። ከዚህ አይርዘም። መጀመሪያ ላይም አታድርገው፤ ከአሁኑ ሥራህ በኋላ ይምጣ። መክፈቻህ ያ የቆመው ፓምፕ ይሁን፤ ከእሱ ተነስተህ «ጥገናውን ማን ይከፍላል፣ መለዋወጫው በየት ይድረስ» ወደሚለው ትሄዳለህ፣ ቀጥሎ የኮርሱን ዝርዝር ከፍተህ ይህንን የሚነካውን ትምህርት በስሙ ትጠቅሳለህ። ግብህንም «አገሬን ማገልገል» አትበለው። ስትመለስ የትኛው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ምን እንደምትቀይር ጻፍ። ኢፖስ ልምድ ላላቸው ሠራተኞች የተዘጋጀ ስለሆነ አሁን ከምትሠራው ጋር መያያዙን ይፈልጉታል። ከሁለት ገጽ አይበልጥ፣ ፈርምበት።

አቤል ዘ-ጅማ
እሺ ይሄ አላለቀሰም፣ ተቀብያለሁ። 2.74ቱንስ ይናገር?

ኮሎኝ ያለች
ከተመለሳችሁ በኋላ ያሉት ሴሚስተሮች ከፍ ብለዋል? ከፍ ካሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ትራንስክሪፕቱ ይመሰክርለታል። ከፍ ካላሉ ዝም ቢል ይሻላል ባይ ነኝ።

ተራራው
በዚህ አልስማማም። ዝቅተኛ ግሬድ ይዤ በግልጽ ጽፌ አልፌያለሁ። ዝም ማለት ሽሽት ይመስላል።

ኮሎኝ ያለች
ሊሆን ይችላል፣ እያንዳንዱ ኮርስ መራጩ ሌላ ነው። ከዚያ ይልቅ ሁላችሁም ይሄን አንብቡ፦ የቀን አቆጣጠር። ኢፖስ ላይ ከተመረቅህ ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት፣ ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድም ይጠየቃል። የወረዳው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ከጥቅምት 2016» ይላል። አስተርጓሚው ወሩን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ ዓመቱን እንዳለ ከተወው፣ ገና ኮምቦልቻ ሳትገባ ሥራ የጀመርክ ትመስላለህ። «ሰኔ 2015» እንዳለ ከቀረ ደግሞ ዲግሪህ አሥር ዓመት ያለፈው ይሆንና ማንም ደብዳቤህን ሳያነብ ትወጣለህ። ዲግሪው፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የሥራ ልምዱ፣ ሲቪውና ሞቲቬሽኑ ላይ ያሉትን ቀኖች አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸውና አስተያያቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግድም ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት፤ ብዙ ሰው ሁሉንም በስምንት ይደምረዋል።

ሰሚራ ወ.
ቆይ፣ የእኔ የሥራ ልምድ እኮ 2012 ብሎ ነው የተተረጎመው። ያንን ማንም አልነገረኝም!

ባቢ
ሜክሲኮ ያለው ቤት ትርጉምም ይሠራል።

የሐይቅ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወረዳውን ደብዳቤ አሁን አየሁት፣ እውነትም በእኛ አቆጣጠር ብቻ ነው።

ጽጌ ማር
ኮሎኝ ያለች፣ እስከ ሦስት ኮርስ ማመልከት ይቻላል ይባላል። ለየኮርሱ ሌላ ሌላ ደብዳቤ ልጻፍ?

ኮሎኝ ያለች
አንድ ደብዳቤ ነው እህቴ። ውስጡ ላይ የትኛውን አንደኛ፣ የትኛውን ሁለተኛ እንዳደረግሽና ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደመረጥሽ ትጽፊያለሽ። የመላኪያ ቀናቸው ግን እንደየኮርሱ ስለሚለያይ የየዩኒቨርሲቲውን ገጽ እይ።

እሙ ያፌት
ገቢዎች ሄድን፣ የአሠሪ ደብዳቤ አምጡ አሉን። ልጁ ሥራ የለውም፣ ምን እናድርግ?